ዘጠኝ ቀን የቀደመው ኢሜይል

ሕንዳዊው የናሙና መውሰጃውን ብረት አምስተኛው ጆንያ ውስጥ ሰክቶ ሲመዝዘው ከማሾው ጋር ጠጠር፣ ገለባና የላስቲክ ቁራጭ አብሮ ወጣ። መዳፉ ላይ ዘርግቶ አየው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።

ሐጂ አብዱልሐሚድ ከጎኑ ቆመው ፈገግ ይላሉ። የመጋዘኑም የማሾውም ባለቤት ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን አይችሉም።

“ገና አልተለቀመም በለው! ይጸዳል በለው!”

የወንድማቸው ልጅ ዐቂል ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋ፤ ስልኩ በሴት ድምፅ እንግሊዝኛ ተናገረ። ሕንዳዊው፣ ሚስተር ናይር፣ አድምጦ ራሱን ነቀነቀና ወደ ስድስተኛው ጆንያ አለፈ። ሙምባይ ካለው ገዢ የተላከው ጥራት ሊመረምር እንጂ ተስፋ ሊሰማ አይደለም።

ቀኑ መጋቢት 3 ነው። ማሾው ተለቅሞና ተበጥሮ ለምርመራ ይደርሳል የተባለው ለመጋቢት 12 ነበር። ለቃሚዎቹ ሴቶች እንኳ ገና አልተጠሩም። ሚስተር ናይር ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ደውሎ “መኪናችሁ የት አለ?” እስኪል ድረስ መምጣቱን ማንም አላወቀም።

ሀስና የቢሮዋ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ታያለች። እዚህ ቤት የቀራት ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

ሀስና የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ከደሴ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ እየወረደች የሐጂን የውጭ ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራለች። መጀመሪያ አካባቢ በመዝገበ ቃላት ነበር፤ አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ይወስድባታል። ሁለት ዓመት ሆነ፣ ረቂቁን ለኮምፒዩተር መተርጎሚያ ትሰጣለች። አትጠላውም። ሰው በቅሎ አይጠላም፤ የጫነባትን ግን ያውቃል። ዐረፍተ ነገሩን አሳጥራ፣ ማን ምን እንዳደረገ ስም ጠርታ ትጽፋለች። ቀኑን አስቀድማ ራሷ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ትቀይራለች። እንግሊዝኛው ሲወጣ ደግሞ ቁጥሩን አንድ በአንድ ከውሉ ጋር ታመሳክራለች፣ የሚበዛውን ትቆርጣለች፣ ዋናውን ጉዳይ ወደ ላይ ታወጣለች።

ዐቂል ያየው ማሽኑ የሚሠራበትን አርባ ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት አላየም። ዐቂል ማለት በዐረብኛ አስተዋይ ማለት ነው፤ ወላጆቹ ስም ሲያወጡ ቸኩለዋል። አዲስ አበባ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ አጎቱን “አጎቴ፣ ስልክ በነጻ ለሚሠራው ሥራ ሰው ይቀጠራል እንዴ?” አላቸው። ሐጂም አመኑት። የስንብት ደብዳቤውን ያስጻፉት ግን ሀስናን ራሷን ነው፤ የአማርኛ ደብዳቤም የሚጽፍ ሌላ ሰው አልነበራቸውም።

ከቀትር በኋላ ሚስተር ናይር ናሙናውን በከረጢት አሽጎ ወደ ሆቴሉ ሄደ። ነገ ጠዋት ይበራል፤ ማታ ሪፖርቱን ወደ ሙምባይ ይልካል። ሐጂ ቢሮ ገብተው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

“ሀስና፣ ይኼ ሰው ምን ነክቶት ነው የመጣው?”

ሀስና ዐቂል የላከውን ኢሜይል ከፍታ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው።

“ጠርታችሁት ነው የመጣው። ‘ማርች 12’ ይላል። ማርች 12 ዛሬ ነው።”

“መጋቢት 12 ነው እኮ ያልኩት!” አለ ዐቂል።

“መጋቢት አልኸው፣ ማርች አለህ። የምትቆጥረው በየትኛው አገር አቆጣጠር እንደሆነ አይጠይቅህም። የኛ መጋቢት 12 የእነሱ 21 ነው። ሰዓቱንስ አይተኸዋል? ከጠዋቱ ሦስት ያልኸውን እንዳለ ጽፎታል። የእነሱ የጠዋት ሦስት በእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ሰውየውን የቀጠርኸው ለዚያ ነው።”

ሐጂ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ማሾው ትዝ አላቸው።

“መልስ ሲጽፉልን አረጋግጫለሁ” አለ ዐቂል። “‘መጋቢት 12 እንመጣለን’ ይላል። ይኸው!”

“ያን በምን አነበብኸው?”

ዐቂል ስልኩን አየ።

“በዚሁ” አለች ሀስና። “መጋቢትን ማርች ብሎ ወሰደው፣ ማርችን መጋቢት ብሎ መለሰልህ። ሌባውን ለምስክርነት ጠራኸው።”

“እንግዲህ ማሽኑ ከተሳሳተ እኔ ምን ላድርግ?”

“ዝም በል አንተ!” አሉ ሐጂ። “ሀስና፣ ለሰውየው ጻፊልኝ።”

ተናገሩ፤ እሷ ጻፈች። አሰላሙ ዐለይኩም አሉ። የሚስተር ናይርን ሚስት ጤንነት፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠየቁ። ሦስት ጊዜ ወላሂ አሉ። በድለናችኋል፣ አዋርደናችኋል፣ ስለ አላህ ብላችሁ አውፍ በሉን፣ ይቅር በሉን አሉ። ቀኑ መጨረሻ ላይ መጣ፤ እሱም “በመጋቢት 12 ኢንሻአላህ” ተብሎ።

ሀስና አንድም ቃል ሳትነካ ለማሽኑ ሰጠችው። አርባ ሰከንድ አልፈጀም። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። ነጥቡም ኮማውም ቦታ ቦታውን ይዟል።

“አየሽ!” አለ ዐቂል።

“አየሁ። ‘በድለናችኋል’ የሚለውን ‘አታለልናችሁ’ ብሎታል፤ በሚያምር እንግሊዝኛ አታላዮች ነን ብለን ፈርመናል። ቀኑንም ይኸው፣ ደግሞ ማርች 12።”

ከዚያ መቁረጥ ጀመረች። ሰላምታው አንድ መስመር ሆነ። መሐላው ወጣ። በደሉም ወጣ፤ ገዢ እንዲህ ያለውን ቃል ጠበቃ ዘንድ ይዞ ይሄዳል። የተረፈው አምስት ዐረፍተ ነገር ነው፦ በቀደመው ኢሜይል የተጻፈው ቀን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር። ትክክለኛው ማርች 21፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዛሬ የታየው ገና ያልተለቀመ ማሾ ነው፤ ናሙናው በሪፖርቱ እንዳይገባ እንጠይቃለን። ዳግመኛ የሚመጡበት ጉዞ ወጪ በእኛ ነው። እስከ ምሽት መልስ እንጠብቃለን።

በአማርኛ አነበበችላቸው። ሐጂ ፊታቸው ተቀየረ።

“ልጆቹንስ? ልጆቹን ሳትጠይቂ? ብልግና ነው ይኼ!”

“ሐጂ፣ እርስዎ ቤት ብልግና ነው። እዚያ ማዶ ያለው ሰው ግን የሚፈልገው ቀኑን ነው፤ እስከ አሥረኛው መስመር አያነብልዎትም። ልጆቹን ሲመጣ በአካል ይጠይቁት።”

“በይ እሺ። ላኪው።”

ሀስና እጇን ከመዳፊቱ ላይ አነሳች።

“ከዛሬ ጀምሮ እኔ ሳላነበው ከዚህ ቤት የሚወጣ የውጭ ደብዳቤ የለም። የስንብት ደብዳቤዬም ይቀደዳል።”

“ታስገድጂኛለሽ?”

“አላስገድድም። ዐቂል ይላከው። ስልኩ እጁ ላይ ነው።”

ሐጂ ወደ ዐቂል ዞሩ። ዐቂል ስልኩን ኪሱ ከተተ። በመስኮቱ ውጭ ዘበኛው እንየው ለናሙና የተበሱትን ጆንያዎች በመርፌ እየሰፋ ነበር።

“ያ አላህ” አሉ ሐጂ። ከመሳቢያው ወረቀቱን አውጥተው አራት ቦታ ቀደዱት። ይቅርታ አላሉም። “በይ ላኪው፣ ሰውየው ሪፖርቱን ልኮ ሳይቀድመን።”

ሚስተር ናይር መጋቢት 12 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተመልሶ መጣና ማሾውን አሳለፈው። ዐቂል በሰኔ ደሴ አጠገብ፣ ገራዶ ላይ የስልክ መሸጫ ከፈተ።