በኢሜይል የታመምኩበት ሐምሌ

ታምሜ አላውቅም ብል ውሸት ይሆናል። ወባ ይዞኝ ያውቃል፤ ጉልበቴም ይጠዘጥዘኛል። አልጋ ላይ ውዬ ሞቴን የምጠብቅ ምስኪን አሮጊት የሆንኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም በእንግሊዝኛ፣ እኔ ሳላውቀው፣ ለአንድ ፕሮፌሰር በተላከ ኢሜይል ላይ።

የልጅ ልጄን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። በሚያዝያ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወረደና የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ፖሊስ ድልድዩን ዘጋ፤ ሚኒባሱም ባጃጁም ቆመ። የዚያን ቀን ጠዋት የአጋማሽ ፈተና ነበራት። ጎርፉ ጎድሎ እስክትሻገር ፈተናው አለቀ። አስተማሪዋ ከውጭ አገር ለአንድ መንፈቅ የመጣ ፕሮፌሰር ነበር። ሰውየው ያኔ ክፉ አልሆነባትም። በሳምንቱ በትምህርት ክፍሉ ቢሮ፣ ጸሐፊዋ ፊት ተቀምጣ ለብቻዋ ተፈተነች፤ መዝገብ ላይም ፈረመች። ከዚያ ትምህርቱ አለቀና ፕሮፌሰሩ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በሐምሌ ውጤት ሲወጣ ስልኳን ከፍታ አየች። ኤፍ። ወድቃለች።

ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሮጠች። ኃላፊው ኮምፒውተሩን አየና የአጋማሽ ፈተናዋ ዜሮ እንደሆነ፣ አስተማሪው ራሱ ካልጻፈለት በቀር ውጤት መንካት እንደማይችል ነገራት። የተመራቂዎች ስም ዝርዝር ሊጸድቅ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። እስከዚያ ካልተስተካከለ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ ያንን ትምህርት ሌላ ዓመት ጠብቃ እንደገና ትወስዳለች። የፕሮፌሰሩ አድራሻ የትምህርቱ መግለጫ ወረቀት ላይ አለ። «ለምኚው» አላት፤ «በትህትና ለምኚው።»

ይቺን ቃል ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። የተፈተነችውን ፈተና ነው የምትለምነው? የሠራ ሰው ሥራዬ ይቆጠርልኝ ሲል ለማኝ የሚባለው ከመቼ ወዲህ ነው?

ግን እውነቱን ልናገር። ልጅቷን ወደ ማመልከቻ ጸሐፊው የላክኋት እኔው ነኝ። በእኛ ዘመን ከላይ ላለ ሰው ነገር የሚቀርበው እንዲያ ነበር። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጥላ ሥር የሚቀመጥ አንድ ሰው አለ፤ ድሮ በታይፕ፣ አሁን በላፕቶፕ ይጽፋል። ለጡረታዬም፣ ለቤቴ ካርታም የጻፈልኝ እሱ ነው። እንግሊዝኛም ይችላል ይባላል። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የእሷን እንግሊዝኛ ግን የማላምነው ለምን እንደነበር እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቋንቋ ስትማር የነበረችው እሷ ናት።

እዚያ የሆነውን በኋላ ነው የነገረችኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው መነጽሩን አድርጎ «አባት አለሽ?» ብሎ ጠየቃት። የለም አለችው።

«ጥሩ። ማን ያሳድግሻል?»

«አያቴ።»

«ታማለች?»

«ጉልበቷን ትንሽ...»

«በቃ፣ ታማለች» አለና ጻፈ።

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። ግቢያችን ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነበር። አነበበችው። ተርጉሚልኝ ስላት ተረጎመችልኝ። «ስለ አያትሽ ሕመም አዝናለሁ። ይሁን እንጂ ውጤት የሚሰጠው ለተሠራ ሥራ ነው፤ ለችግር አይሰጥም። በዚህ ጉዳይ እባክሽ ዳግመኛ አትጻፊልኝ።»

«የማን አያት ናት የታመመችው?» አልኳት።

የላከችውን ከስልኳ ላይ አወጣች።

የተላከውን ሁሉ አስነበብኳት። እጅግ የተከበሩ፣ የዕውቀት አባት፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ፣ እኔ ምስኪን ወላጅ አልባ፣ አልጋ የያዘች ደካማ አያቴን ይዤ፣ እንደ አባትነትዎ ይማሩኝ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። እንዲህ ያለው ነገር አንድ ገጽ ተኩል ይሄዳል። ፈተናውን ተፈትኜ ነበር የሚለው የት አለ ብዬ ብጠይቃት ከመጨረሻው በላይ ባለው አረፍተ ነገር፣ «በጎርፉ ምክንያት ለብቻዬ የተፈተንኩትንም አስበው» ተብሎ ተወሽቋል። ቀኑ የለም። የተፈተነችበት ቦታ የለም። መታወቂያ ቁጥሯ እንኳ የለም።

ተናደድኩ። በማመልከቻ ጸሐፊው፣ በኃላፊው፣ በፕሮፌሰሩ፣ በራሴም። በፕሮፌሰሩ የተናደድኩት ከሁሉ ይብሳል። ያቺን አንድ አረፍተ ነገር ፈልጎ ቢያገኛት ምን ነበረበት? ራሱ ቁጭ ብለሽ ተፈተኝ ያላትን ልጅ ረሳት? ልጅቷ ግን ለእሱ ተከራከረች። በሐምሌ ለአስተማሪዎች እንዲህ ያለ ልመና ይጎርፍላቸዋል አለችኝ፤ አንዱ እናቴ ሞተች ይላል፣ ሌላው ሥራ ሊያመልጠኝ ነው ይላል፤ የእኔም ከዚያው ጋር ተደባለቀ አለችኝ።

«ጻፊ» አልኳት። «አንተ ሰውዬ፣ ያስተማርካትን ልጅ ካላወቅካት ምኑን ፕሮፌሰር ሆንክ...»

እያለቀሰች ሳቀች። «እማዬ፣ አንተ ልበለው?»

ድሬ ውስጥ አንተ ማለት ንቀት አይደለም። ሐኪሙንም፣ ነጋዴውንም፣ ፀጉሩ የሸበተውንም አንተ እንላለን፤ ፍቅራችን በዚያ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ አንዱን ሹም «አንተ፣ አቦ፣ ስማኝማ» ብዬው ዘበኛ ሊያስወጣኝ ነበር። እንግሊዝኛው ውስጥ እርስዎ የሚባል ነገር እንደሌለ የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ታዲያ አክብሮቱ የት ነው ያለው ብላት አስባ መለሰችልኝ። በማዕረጉ መጥራት ነው፤ ጊዜውን አለማባከን ነው፤ ስጠኝ አለማለት፣ ማየት ይችሉ እንደሆነ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ከዚያ ማመስገን ነው። እንግሊዝኛ ለፕሮፌሰሩም የአፍ መፍቻው ስላልሆነ የተጠማዘዘ ነገር ሊያደናግረው ይችላል አለችኝ።

ይህ ገባኝ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ባቡር ላይ ሲሠራ በጆሮው በለመዳት ፈረንሳይኛ ከፈረንጅ አለቆቹ ጋር ይነጋገር ነበር። «ፈረንጅ ሰላምታህን አጭር አድርገህ ጉዳይህን ፊት ለፊት ካስቀመጥክለት ያከብርሃል» ይል ነበር። በእኛ ሽምግልናም ቢሆን የሚያለቅስ ሰው ሲመጣ ሽማግሌው እንባህን ጥረግና መቼ፣ የት፣ ማን ነበረ ይለዋል።

«መቼ ተፈተንሽ?» አልኳት። ነገረችኝ። «ማን አየ?» ጸሐፊዋ። «የፈረምሽበት ወረቀት የት አለ?»

አላወቀችም። ማንም አልጠየቀማ! በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናት፤ መሳቢያዋን ስትከፍት ፊርማው ያለበት መዝገብ ወጣ። ከሥሩ ደግሞ የልጄ የፈተና ወረቀት፣ በፖስታ እንደታሸገ። ፕሮፌሰሩ ሳይወስደው፣ ጸሐፊዋም ሳትሰጠው ተረስቶ ነበር። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ፣ ኃላፊው ለምኚው ካለበት ወንበር አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት። ጸሐፊዋ ፊቷ ቀላ። ፖስታውን ሳትከፍት ከነመዝገቡ በስልክ ፎቶ አስነሳችን፤ ለኃላፊውም አሳየችው።

ማታ ልጅቷ ራሷ ጻፈች። ከላይ ርዕስ ሰጠችው፤ የትምህርቱ ስም፣ ያልታረመ የአጋማሽ ፈተና። ከዚያ ክቡር ፕሮፌሰር ብላ በአባቱ ስም ጠራችው፤ ስሟን፣ መታወቂያ ቁጥሯንና ክፍሏን አስቀመጠች። ዳግመኛ አትጻፊ እንዳላት አልዘለለችውም። እንዳልጽፍ ቢነግሩኝም የምጽፈው በመጀመሪያው ደብዳቤ ዋናውን ጉዳይ በግልጽ ስላላስረዳሁ ነው አለች። ቀጥሎ ጎርፉ፣ በእሱ ፈቃድ የተፈተነችበት ቀን፣ ቢሮው፣ መዝገቡ፣ ፖስታው። ፎቶዎቹን አያያዘች። ወረቀቱ እንዲደርስዎ ማድረግና ማረም ይቻል እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የስም ዝርዝሩ የሚጸድቀውም በዚህ ቀን ነው ብላ ጨረሰች።

አንብባ ስትጨርስልኝ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ይቀራል አልኳት። እኔን አድኚኝ።

«ምን?»

«አልታመምኩም። ጻፊው።»

ቁጣዋን ያየሁት ያኔ ነው። መዋሸቴን በራሴ እጅ ከነገርኩት ፈተናውንም አያምነኝም አለችኝ። እሱ ራሱ የአንቺን ሕመም እስካሁን ረስቶታል፤ ዝም ብንለው ምን አለበት? ልመረቅ የቀረኝን ቀን ታውቂያለሽ፤ በአንቺ ኩራት ልውደቅ? አለችኝ።

መልሱ ቀላል አልነበረም። ልክ ልትሆን ትችል ነበር። ያም ሆኖ ፍትሕ የምትጠይቂው ሰው እጅ ላይ ውሸትሽን ትተሽ አትጠይቂም አልኳት። እሱን ፈተናችንን ረሳህብን ስንለው እኛም አልጋ ላይ ያልተኛችን ሴት አስተኝተናል። ከዚያ ሁለት መስመር ጨመረች፤ አያቴ አልታመመችም፤ ሌላ ሰው ሲጽፍልኝ ዝም ማለቴ ስህተት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ላከችው።

አራት ቀን ምንም አልመጣም። እሷ አልበላችም፤ እኔም አልተኛሁም፤ ምናልባት ልጄን በኩራቴ ገደልኳት ብዬ። በአምስተኛው ቀን ኃላፊው ደውሎ ጠራት። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱ ተከፍቶ ፎቶ ተነስቶ እንዲላክለት ለእሱ ጽፎ ነበር፤ አርሞም የውጤት ማስተካከያውን ፎርም ፈርሞ ልኮታል። ኤፉ ቢ ሆነ። ለእሷም ሦስት መስመር ጻፈላት። ወረቀቱን ስላገኘሽው ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ደብዳቤሽ ግልጽ ነበር፤ አያትሽም ደህና በመሆኗ ደስ ብሎኛል።

ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት፤ የለም። እሷ ከጓደኞቿ ጋር ሳትመረቅ ልትቀር የነበረችው በማን ጥፋት ሆነና?

ኃላፊው ደግሞ ፎርሙን እያሳያት፣ «አየሽ፣ ለመንሽው፣ ተሳካልሽ» አላት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ልጄ አልለመነችም፤ የለመነች ጊዜማ ምን እንደተመለሰላት ይኸው ስልኳ ላይ አለ፤ አንተም መሳቢያ ብትከፍት ኖሮ ማንም ለማንም ባልጻፈ ነበር አልኩት። ሳቀ። ሻይ ልጋብዝሽ አለኝ። አልጠጣሁለትም።

ማታ ለፕሮፌሰሩ ምስጋና ልትጽፍ ተቀመጠች። «የሚገባኝን ስለሰጡኝ በዪ» አልኳት። «እማዬ፣ ነውር ነው» አለችኝ። ወረቀቱን ለማየት ጊዜ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ ብላ ጻፈች። ጊዜ ስለሰጡኝ! ተከራከርን፤ ተሸነፍኩ። እንግሊዝኛው የእሷ ነው፤ ምረቃውም የእሷ ነው። ግን ጊዜ ስለሰጡኝ የሚለውን አውጥታ አመሰግናለሁ ብቻ ብላ እንድትልከው ከኒሙ ሥር እስክትነሳ ድረስ ስነግራት ነበር፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ።