ስድሳ ስምንት ያለው ደብዳቤ

ሀሚዳ አብዱልቃዲር በጭሮ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ከሆነች አሥራ አራት ዓመት አልፏታል። ሥራዋ የተማሪን ውጤት ከሮስተር ላይ አንብቦ ወደ ትራንስክሪፕት መገልበጥ ነው። ሮስተር የክፍሉ ኃላፊ መምህር በዓመቱ መጨረሻ የተማሪዎቹን ሁሉ ውጤት የሚሞላበት ሰፊ ሠንጠረዥ ነው፤ ስማቸው በግራ በኩል ወደ ታች፣ የትምህርቱ ዓይነት ከላይ ወደ ቀኝ ይደረደራል። ሀሚዳ ገጹ ላይ ማስመሪያ ሳታስቀምጥ አንድም ቁጥር አትገለብጥም። ዓይን አንድ መስመር ከተንሸራተተ የአንድ ሰው ውጤት ለሌላ ሰው እንደሚሄድ ታውቃለች። መምህራኑም እሷ የጻፈችውን ደግመው አያመሳክሩም።

በጥቅምት ወር ከጤና ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት ክፍል አንድ ደብዳቤ መጣ። የመንግሥት ሠራተኞች የትምህርት ማስረጃ እየተጣራ ስለነበር እንዲህ ያለው ደብዳቤ በሳምንት አምስት ስድስት ይመጣል። የሠራተኛው ትራንስክሪፕት ኮፒ ተያይዟል፤ ትምህርት ቤቱ ከሮስተሩ ጋር አመሳክሮ ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ ይመልሳል። አይደለም የተባለበት ሰው ሐሰተኛ ማስረጃ ይዟል ተብሎ ከሥራ ይታገዳል፤ ነገሩ ሕግ ዘንድም ይደርሳል። የዚህኛው ደብዳቤ ባለጉዳይ በጤና ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ያለው መድኃኒት ቤት ኃላፊ ኢንሳፍ አብዱናስር ነበረች።

ሀሚዳ ስሙን አይታ ወረቀቱን ከሌሎቹ ሥር ከተተችው። ሁለት ቀን እዚያው ቆየ።

ኢንሳፍና ሀሚዳ በ1996 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል አብረው ተምረዋል። አንዷ ከመቻራ፣ አንዷ ከመሰላ መጥተው ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ ፍራሽ ተኝተው፣ በአንድ ባትሪ አጥንተዋል። ሁሌም አንደኛ ኢንሳፍ፣ ሁለተኛ ሀሚዳ። በብሔራዊ ፈተናው ኢንሳፍ ወደ መሰናዶ አለፈች፤ ሀሚዳ በጥቂት ነጥብ ቀርታ ቴክኒክና ሙያ ገባች፣ ጽሕፈትና የቢሮ አያያዝ ተማረች። ከዚያ በኋላ የኢንሳፍን ዜና የምትሰማው ከሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፣ ጭሮ ተመደበች፣ ኃላፊ ሆነች። የሰፈሩ ሰው ዶክተር ይላታል። ዶክተር አይደለችም፣ ፋርማሲስት ናት፤ ሀሚዳ ይህን በተባለ ቁጥር ታርማለች። ባለፈው ክረምት ባሏ ዚያድ ለልጃቸው መድኃኒት ሊገዛ ሄዶ ሲመለስ፣ ያቺ ጓደኛሽ እንዴት ያለች ትሑት ሰው ናት፣ አወሳሰዱን ሁለቴ አስረዳችኝ አለ። ሀሚዳ የዚያን ዕለት ሽሮው ላይ ጨው አብዝታለች።

በሦስተኛው ቀን ሮስተሩን አወጣች። ሮስተር በካርቦን ሦስት ቅጂ ይሞላል፤ ዋናው ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ይሄዳል፣ ለትምህርት ቤቱ የቀረው የመጨረሻው፣ ካርቦኑ የደከመበት ቅጂ ነው። ሃያ ዓመት አልፎት ቀለሙ ገርጥቷል። ድምርና አማካይ የተጻፈበት የቀኝ ጠርዝ ደግሞ ጣሪያው አፍስሶበት ጠፍቷል፤ ስለዚህ የጎደለን ቁጥር ከድምሩ ቀንሶ ማግኘት አይቻልም። ስሞቹ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ተራ ስለተጻፉ ሀሚዳ አሥራ አራተኛ፣ ኢንሳፍ ከሥሯ አሥራ አምስተኛ ናቸው፤ የሀሚዳ ሂሳብ ጨርሶ አይነበብም። ሀሚዳ ማስመሪያዋን ከአሥራ አምስተኛው መስመር ሥር አስቀመጠች። እንግሊዝኛው ይነበባል፣ ባዮሎጂው ይነበባል። የሂሳቡ ሁለተኛ አኃዝ ስምንት ነው። የመጀመሪያው ከታች ክብ አለው፤ ከላይ ግን ካርቦኑ ሳስቶ፣ ስድስትም ስምንትም ሊሆን ይችላል። ኢንሳፍ የያዘችው ትራንስክሪፕት ሰማንያ ስምንት ይላል።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። አጋደለችው። ስድስት ነው አለች በልቧ። እንደገና አየችው፤ አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ስድስት መሰላት።

ዳይሬክተሩ አቶ ይልቃል ስትነግራቸው አልተጨነቁም። ዋናው መዝገብ ቤት አለ አይደል፣ የሚነበብ ኮፒ እንዲልኩልን ደብዳቤ ጻፊ አሏት። እሷም ጻፈች። ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ የሮስተር ኮፒ ስለመጠየቅ። በ1996 ዓ.ም. የ10ኛ ቢ ክፍል ሮስተር በእኛ ዘንድ ያለው ቅጂ የደበዘዘ በመሆኑ፣ የተማሪ ኢንሳፍ አብዱናስር የሂሳብ ውጤት 68 የሚለው በግልጽ የሚነበብ ኮፒ እንዲላክልን እንጠይቃለን።»

ከግርጌው ግልባጭ ለጤና ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት ክፍል። አቶ ይልቃል ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ ናቸው፤ አፋን ኦሮሞ ይሰማሉ፣ ሲያነቡ ግን ይዘገያሉ። ጉዳዩ የሚለውን መስመር አንብበው ፈረሙ። ማኅተም ተመታ፣ ቁጥር ተሰጠው። ሀሚዳ ጤና ጽሕፈት ቤቱ መንገዷ ላይ ስለሆነ ግልባጩን ራሷ ሰጥታ፣ በመላኪያ ደብተሯ አስፈርማ አለፈች።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ተሻለ ጡረታ ሊወጣ ዓመት የቀረው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። ደብዳቤውን አነበበ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ አያት፣ ደግሞ አነበበ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ደብዳቤ ጥያቄ ነው ወይስ መልስ?»

ጥያቄ ነው አለችው።

«ታዲያ ስድሳ ስምንት የሚለውን ማን ነገረሽ? ማንበብ አልቻልኩም ትያለሽ፣ አንብበሽዋል። መቼም ቡና ቤት ገብቶ፣ የጠጣሁትን ሻይ ስጡኝ የሚል ሰው አላየሁም።»

ሀሚዳ ልትስቅ ሞከረች። ተሻለ አልሳቀም። በዚህ ደብዳቤ ኮፒ እንደማይሰጥ ነገራት፤ የትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ቁጥር ከጠራ፣ ነገ ሌላ ቦታ ሲታይ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ብሎ አረጋግጧል ይባላል። ቁጥር የሌለበት ሌላ ደብዳቤ አምጪ፣ ይሄኛው ከእኔ አያልፍም አለ። ከዚያ ጣቱ ግርጌው ላይ ቆመ።

«ግልባጩ ሄዷል?»

«ሄዷል፣ ጋሼ።»

ተሻለ መነጽሩን አወረደ።

ከሰዓት በኋላ ኢንሳፍ ሪከርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆመች። ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም። አሰላሙ አለይኩም አለች፤ ሀሚዳም መለሰች። የሰው ሀብት ክፍሉ ጠርቷት፣ ትምህርት ቤትሽ ስድሳ ስምንት ብሏል፣ እስኪጣራ ቁልፍ አስረክቢ ብሏት እንደመጣች ተናገረች። ኢንሳፍ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል፤ ሀሚዳ ይህን ከዚያ ከኪራይ ቤቱ ጀምሮ ታውቃለች።

«ሀሚ፣ ሂሳብ አብረን ነው የሠራነው። ስድሳ ስምንት አግኝቼ አውቃለሁ?»

«ወረቀቱ ደብዝዟል።»

«ደብዝዟል ማለትማ ደብዝዟል ማለት ነው። አንቺ ግን ስድሳ ስምንት ብለሻል።»

ከኋላዋ ካርድ የጠፋባቸው ሁለት ተማሪዎች ወረፋ ይዘው ነበር። ኢንሳፍ ዞር ብላ አየቻቸው፣ ቦታ ለቀቀችላቸው፣ ሄደች። የተወለወለ ጥቁር ጫማ ነው ያደረገችው፤ ሀሚዳ በዚያች ሰዓት እንኳ ጫማውን አየች፣ ስንት እንደሚያወጣም ገመተች።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ይልቃል የመጀመሪያው ለምን እንደተመለሰ ሰምተው፣ ቁጥር የሌለበትን ሁለተኛ ደብዳቤ ጣታቸውን ቃል በቃል እየጎተቱ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚህ በኋላ ሁሉንም እንዲህ ነው የማነበው አሏት። አሥራ አራት ዓመት ያልታየ የሀሚዳ ጽሑፍ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይታያል ማለት ነው።

ተሻለ ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ገባና የ1996ን ጥራዝ ይዞ ወጣ። ዋናው በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ ትናንት የተጻፈ ይመስላል። ገጹን ሲገልጠው ሀሚዳ ማስመሪያ ሳያስፈልጋት አሥራ አምስተኛውን መስመር አገኘች። ሂሳብ፣ ሰማንያ ስምንት። ዓይኗ ወዲያው አንድ መስመር ወደ ላይ ወጣ። ሂሳብ፣ ዘጠና አንድ። የራሷ ነው። በሂሳብ ትበልጣት ነበር። ካርዷ ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ ይህን ረስታዋለች። በቀኙ ጠርዝ ያለውን ድምር ለማየት አንገቷን አሰገገች፤ ኢንሳፍ አንደኛ፣ ሀሚዳ ሁለተኛ፣ መካከላቸው አራት ነጥብ።

ተሻለ ነጭ ወረቀት አነሳና የሌሎቹን ተማሪዎች መስመር ሸፈነ። ደብዳቤው አንድ ስም ነው የጠራው፤ የተጠየቀው ሰው ውጤት ብቻ ይወጣል፣ ደንቡ ነው። ዘጠና አንዱ ከወረቀቱ ሥር ገባ።

«ጋሼ፣ ከላይ ያለው እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። የራስሽን ከፈለግሽ በራስሽ ስም አመልክቺ፤ ዛሬ ግን የመጣሽው ለእሷ ነው።»

ኮፒውን አንስቶ፣ ከዋናው ጋር መመሳከሩን ጽፎበት፣ ፈርሞ ማኅተም መታበት። ሀሚዳ ትምህርት ቤት ተመልሳ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ መልሱን አዘጋጀች፤ ማስረጃው ትክክል ነው፣ ቀደም ሲል በግልባጭ የደረሳችሁ ደብዳቤ ተሽሯል። ለምን እንደተሻረ የሚገልጸው ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። የሁሉም ቢሮ ቃል አንድ ነው፣ በጽሕፈት ስህተት። እሷም ያንኑ ጻፈች። አቶ ይልቃል አንብበው ፈረሙ።

ወረቀቱን ይዛ ስትደርስ ኢንሳፍ የሰው ሀብት ክፍሉ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከትናንት ጀምሮ ሥራ የላትም። ባለሙያው መልሱን ከፋይሉ ጋር ሲያያይዝ አንብቢው ብሎ ሰጣት። ቀስ ብላ አነበበች፣ መለሰችለት። ቁልፎቹን ከመሳቢያ አውጥቶ ፊርማ ተቀብሎ አስረከባት።

ወደ በሩ አብረው ሄዱ።

«የጽሕፈት ስህተት ነው?» አለች ኢንሳፍ።

ሀሚዳ አዎ ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር።

«አይደለም። ስድስት እንዲሆን ፈልጌ ነው።»

ኢንሳፍ ቁልፎቹን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው መድኃኒት እየጠበቀ ነው አለች፣ ደረጃውን ወርዳ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ከትናንት የተጠራቀመ ሰው ተቀምጧል። ስትደርስ ሁሉም ተነሱላት፤ አንዲት ከሚኤሶ የመጡ እናት፣ ዶክተር፣ አላህ ያቆይሽ አሏት።

ሀሚዳ ከደረጃው ላይ ሆና ሰማቻቸው። ዶክተር አይደለችም፣ ፋርማሲስት ናት የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ። በሂሳብ ዘጠና አንድ ያገኘችው ማን እንደሆነች የሚያውቅ እዚያ ግቢ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። የመላኪያ ደብተሯን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ የሚጣሩ አራት ደብዳቤዎች ጠረጴዛዋ ላይ ነበሩ።