ለሁለት ተከፍሏል

አክስቴ ድንቅነሽ አብነት ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበራት። ባሏ ሲሞት የተወላት ነው። ሴት ወፍጮ አታስተዳድርም ብለው የፎከሩት ሁሉ፣ ቅንድቧ ሳይቀር ዱቄት ለብሳ ስትሠራ ሲያዩ ዝም ብለው እህላቸውን ያመጡ ጀመር። ሚዛኗ አይዋሽም፤ ምላሷም አይምርም። በዚያ ዘመን በሰልፍና በስብሰባ ብዛት አንድ ቀን ያልዘጋ ሱቅ አልነበረም፤ የእሷ ወፍጮ ግን ሰልፉ ሲበተን ወዲያው ይነሣ ነበር።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሞተሩ ተቃጠለ። አዲስ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ሞተር ጠጋኙ ሚደቅሳ ያደሰው አንድ ሞተር ነበረው፤ ብዙ ተከራክረው በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ሊሰጣት ተስማማ። ግን እስከ ቅዳሜ ብቻ። ኮልፌ ያለ ወፍጮ ቤት ብሩን ይዞ እየጠበቀ ነበር። ሞተሩ ካመለጣት የወፍጮው በር እንደተዘጋ ይቀራል።

ያን ዋጋ የተከራከረችው በልጇ ደብዳቤ ተማምና ነው። ወለተሃና ሮም ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። በባንክ ብትልክ አንዱ ዶላር ሁለት ብር ከምናምን ስለሚሆን፣ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በጓሮ ላከች። ሮም ያለው ፍሰሐ የሚባል ነጋዴ ዶላሩን ይቀበላል፤ እዚህ ሰንጋ ተራ መለዋወጫ የሚሸጠው ሸሪኩ አቶ ሀብተሥላሴ ብሩን ይከፍላል። ደብዳቤው በመንገደኛ እጅ መጣ። ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ይላል፦

«እማዬ፣ አራት መቶ ዶላር ለፍሰሐ ሰጥቻለሁ። አንዱን በአምስት ብር ተስማምተናል፤ ሁለት ሺህ ብር ይሆናል። ኮሚሽኑ ሁለት መቶ ብር ነው፤ ለሁለት ተከፍሏል። የእኔን መቶ ብር እዚሁ በዶላር ሰጥቻለሁ፤ የእናንተ መቶ ብር እዚያ ይቀነሳል። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ጠብቁ። ካነበባችሁ በኋላ አቃጥሉት።»

አቃጠልነው። በጥቁር ገበያ ዶላር መመንዘር ሰው የሚያሳስርበት ጊዜ ነበር። አክስቴ አመዱን እንኳ በውሃ በጠበጠችው።

አቶ ሀብተሥላሴ ባዕድ አይደለም። የወለተሃናን ወንድም ክርስትና ያነሣ፣ የአክስቴ አበልጅ ነው። በየወሩ ለልደታ ማኅበር አብረው ይቀመጣሉ። ጸሎት ላይ ድምፁ ከቄሱ በላይ ይሰማል። ለእህሉም የማስፈጫ ከፍሎ አያውቅም፤ «አበልጄ አይደለሽም እንዴ» እያለ በነፃ ሲያስፈጭ ኖሯል። እሷም አበልጅ ነው ብላ ታልፈዋለች። እኔን ግን ያን ጊዜም ያንገሸግሸኝ ነበር።

ዐርብ ዕለት አብረን ሄድን። ከሱቁ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ምሳ እየበላ አገኘነው። ቅባት የነካ ጣቱን ላሰና ብሩን ከመሳቢያ አወጣ። አውራ ጣቱን ምራቁ ውስጥ እየነከረ መቁጠር ጀመረ። እያንዳንዱ ኖት ላይ እርጥብ አሻራ ይቀራል። ቆጥሮ ሲጨርስ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሆነ።

አክስቴ መቶ ብር መጉደሉን በትሕትና ነገረችው። ልጇ የላከችውን ቃል በቃል ደገመችለት። እሱ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰማት።

«ፍሰሐ በስልክ የነገረኝ ‹ኮሚሽኑ ለሁለት ተከፍሏል› ብሎ ነው» አላት። «ለሁለት ተከፍሏል ማለት ከሁለት ቦታ ይወሰዳል ማለት ነው፣ እቴ። እዚያ ሁለት መቶ የፍሰሐ፣ እዚህ ሁለት መቶ የኔ።»

«ሁለት መቶውን ነው ለሁለት የከፈሉት፣ አበልጄ። መቶ እሷ፣ መቶ እኛ።»

«ወረቀቱን አሳዪኛ።»

ወረቀቱ እንደተቃጠለ ያውቃል። በእሱ በኩል ብር የሚላክለት ሁሉ ደብዳቤውን እንዲያቃጥል የሚያዘው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ ካልተስማማት ቀበሌ ሄዳ ልትከሰው እንደምትችል ነገራት። ፈገግታው መሃል የጎመን ቅጠል ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ነበር። እስከ ዛሬ ጎመን ሳይ እሱ ትዝ ይለኛል።

ይሄ አልበቃውም። ስንነሣ ክንዷን ያዝ አደረገና፣ ሞተሩ እንዳያመልጣት መቶ ብር ሊያበድራት እንደሚችል፣ በወር ዐሥር ብር ወለድ ብቻ እንደሚያስብላት፣ ይህንንም ለአበልጅነታቸው ሲል እንደሚያደርገው በሹክሹክታ ነገራት። የራሷን መቶ ብር ነው ሊያበድራት የፈለገው። «ልደታ ምስክሬ ናት፣ ለሌላ ሰው በሃያ ነው» ብሎ ማለ።

አክስቴ ክንዷን አስለቀቀችና ወጣን። ቤት ስንደርስ ብሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በደረቅ ጨርቅ እየጠረገች ደረደረችው። እጇን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች። ከዚያ የጋብቻ ቀለበቷን አወለቀች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ እንኳ ከጣቷ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ወርቅ ሠሪው ሐድጉ ዘንድ በመቶ ብር አስያዘችው። ቅዳሜ ሞተሩ መጣ፤ ማታውኑ ወፍጮው ጮኸ። እሷ ግን ባዶ ጣቷን እያሻሸች አንድ ጥግ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሀብተሥላሴ ልጁን ሊድር ተነሣ። ሁለት ኩንታል ማኛ ጤፍ በአህያ አስጭኖ እንደ ወትሮው በነፃ እንዲፈጭለት ላከ። ነጋዴ ያልሆነ ሰው ያለ ፈቃድ እህል ወደ ከተማ ማስገባት በተከለከለበት በዚያ ጊዜ፣ ጤፉ ኬላ እንዴት እንዳለፈ የሚያውቁት እሱና ያሳለፈው ሰው ናቸው። የኩንታሉ ዋጋ ያኔ መቶ ብር ገደማ ነበር።

አክስቴ ጤፉን አየችው፤ ዘገን አድርጋ አሸተተችው። ሁለቱንም ኩንታል አጥርታ ፈጨች፤ አንድም ጭብጥ አላጎደለችም። አንዱን አህያ ላይ ጫነች፤ ሁለተኛውን ጓዳ አስገባች። ነጂውን ጠርታ እንዲህ አለችው፦

«ለአቶ ሀብተሥላሴ ለሁለት ተከፍሏል በላቸው። እሳቸው ይገባቸዋል።»

«አበልጄ» አለማለቷን ልብ አልኩ።

ብዙ ሳይቆይ ራሱ እያለከለከ መጣ። ወፍጮ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ የቀበሌው አብዮት ጠባቂም ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አሥር ኪሎ በቆሎውን እየጠበቀ ተቀምጧል። ሀብተሥላሴ አፉን ከፈተ። አብዮት ጠባቂውን አየ፤ ጓዳውን አየ። አክስቴ ሞተሩን አጠፋች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው።

«የጎደለ ነገር አለ፣ አቶ ሀብተሥላሴ?» አለችው። «ካለ ከየት እንደጎደለ እዚሁ ጓዱ ፊት ይናገሩ።»

ላቡ ጉንጩ ላይ ወረደ። ምንም የጎደለ እንደሌለ አጉተመተመና ዞሮ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ ላይም ከእሷ ራቅ ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ጸሎቱን ግን አልቀነሰም።

ከዚያ ዱቄት አንድ እንጀራ አልጋገርንም። እኔ ልጋግር ብል አክስቴ ከለከለችኝ፤ ጉሮሮዋ አልፈቀደውም። ሸጥነውና ቀለበቷን ከሐድጉ አስመለስን። እሷ ግን ወዲያው አላጠለቀችውም። በሳሙና አጠበችው፤ አሸተተችው፤ እንደገና አጠበችው።