ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ

ሲቪክ አስተማሪ ነኝ። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለው ስም ሌላ ቢሆንም እኛ ጋ የካ አባዶ ውስጥ ተማሪውም ወላጁም ትምህርቱን የሚጠራው በዚሁ ነው። ዕለታዊ ዕቅድ ማውጣት ነፍሴ ነው። አርባዋን ደቂቃ ሸንሽኜ፣ የመምህር ተግባር፣ የተማሪ ተግባር፣ ምዘና እያልኩ ሠንጠረዡን ስሞላ ባልደረቦቼ "ደግሞ ጀመራት" ይሉኛል።

ያን ሰሞን ለስምንተኛ ክፍል በአካባቢ ጉዳይ ላይ የክፍል ክርክር አቀድኩ። ጉዳዩን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። እኔም ብዙዎቹ ተማሪዎቼም በምንኖርበት የኮንዶሚኒየም ግቢ ኮሙናል የምንለው የጋራ ቤት አለ፤ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ድግስ የሚደግሱበት። አንዲት ሴት በነዋሪዎች ኮሚቴ ፈቃድ የጎረቤት ሕፃናትን ታውልበታለች። አሁን ግን "ቤቱ ለግቢው ይመለስ" የሚል ፊርማ እየተሰበሰበ ነበር፤ እሁድ በስብሰባ ይወሰናል። እኔም ፈርሜያለሁ። አባቴ ያረፈ ጊዜ ቤቱ ተይዟል ብዬ ለቀስተኛውን ደረጃ ላይ ነው ያስቀመጥኩት፤ ንዴቱ አልወጣልኝም። ይህንን ዕቅዱ ላይ አልጻፍኩም።

የክርክሩን ሕግ ተማሪዎቹ ራሳቸው አወጡ፤ እኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ እነሱ እጅ አውጥተው አጸደቁ። ወገን በዕጣ ይለያል። የሰው ስም አይጠራም፣ የራስ ቤት ታሪክም አይወራም። ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃራኒውን ሐሳብ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ይደግማል፤ ባለሐሳቡ "አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው" ካላለ መቀጠል የለም። የመጨረሻዋ የእኔ ጥቆማ ናት፤ ኮርቼባታለሁ።

ዕጣው ወጣ። "ይመለስ" የሚለው ከደረሳቸው አንዷ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ወረቀቷን አይታ መልሳ አጠፈችው። አብራት የምትቀመጠው ልጅ ተነሥታ መጣችና በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ሕፃናቱን የምታውለው ሴት የዚህች ልጅ እናት ናት። ክው አልኩ። ደቂቃ በደቂቃ ስከፋፍል ከርሜ ጉዳዩ የማንን ቤት እንደሚነካ አለመጠየቄ አናደደኝ። ጠጋ ብዬ ዕጣሽን ልቀይርልሽ ብላት እምቢ አለች። "ሕጉ ሲወጣ እጄን አውጥቻለሁ ቲቸር፤ ይሁን።"

ከኋላ የትምህርት ክፍል ኃላፊው የምልከታ ቅጻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ቀጠልን።

ልጅቷ ስለ ለቅሶ ተናገረች። ደረጃ ላይ ስለሚቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ዝናብ ስለሚያስገባ ድንኳን። እኔ ለኮሚቴው ካልኩት የእሷ ይበልጥ ነበር። የምሯን ይሆን? እናቷን ተቀይማ ይሆን? ሌላው ሁሉ ቀርቶብኝ ይህንን ብቻ ማወቅ አማረኝ።

ከ"ይቆይ" ወገን አንድ ረጅም ልጅ ተነሥቶ ሐሳቧን በትክክል ደገመ፤ እሷም አዎ አለችው። ወደ ራሱ ሐሳብ ሲመጣ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው። "ሕፃናት መዋያ ያስፈልጋቸዋል" ብሎ ቁጭ አለ።

ተራው የእሷ ሆነ። መልስ ከመስጠቷ በፊት እሱ ያለውን መድገም አለባት።

"ያልከው" አለች፣ "እናቶች ታክሲ ለመሰለፍ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣሉ። ልጆቻቸውን እንደተኙ አቅፈው ያመጧቸዋል። ቤቱ ከተዘጋ በር ተቆልፎባቸው የሚውሉ ይኖራሉ፤ አንዱ ገና መናገር እንኳ አልጀመረም። ለቅሶ ሲመጣ ደግሞ ቤቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ መልቀቅ ይቻላል። እስከዛሬ መጥቶ የጠየቀ ሰው የለም እንጂ።"

ልጁ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላለም፤ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ሕጉ ሕግ ነውና ጠየቅኩት።

"ያልከው ይህንን ነው?"

እሷን አያት፤ ሰሌዳውን አየ።

"አዎ" አለ፣ "ያልኩት ይህንን ነው።"

ከዚያ እሷ በዕጣ የደረሳትን ወገን ይዛ መልሷን እስከ መጨረሻው ሰጠች። ደወሉ ተደወለ።

ኃላፊው ሲወጡ ልጁ በእርግጥ እንደዚያ ብሎ እንደነበር ጠየቁኝ። "'ብያለሁ' ብሏል" አልኳቸው። ፈገግ ብለው ቅጹ ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ ለማወቅ እስካሁን እጓጓለሁ። በእኔ ሠንጠረዥ የምዘናው ረድፍ ላይ "ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ ይደግማሉ" ይላል። ለሁለቱም ራይት አደረግኩላቸው።

ወደ ቤቴ ስመለስ በኮሙናሉ በኩል ዞርኩ። በሩ ላይ ትንንሽ ጫማዎች ተደርድረዋል። ማታውኑ የኮሚቴው ሊቀመንበር ዘንድ ሄጄ ፊርማዬን እንዲሰርዙልኝ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ገርሟቸው፣ "የአባትሽን ለቅሶ ያህል በደል ተረሳሽ ወይ?" አሉኝ።

አልረሳሁትም። ያን የለቅሶ ዕለት ግን የኮሙናሉን በር አላንኳኳሁም ነበር።