ፖሌ የሸሸችበት የማህበር ቀን

ጌጤ ኢምባካሲ በሚባለው የመጋዘኖች ሰፈር ለጭነት ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች ትሸጣለች። አንድያ ልጇ ሳምራዊት አግብታ ሞምባሳ ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባታል። እኛ የማርያም ማህበርተኞቿ ተራዋ ሲደርስ በልተን ጠጥተን መውጣት እንጂ ያንን ልብ ያልን አልነበርንም።

አንድ ቀን ውሻ አመጣች። ከመንገድ የተነሱ ውሾች የሚጠለሉበት ቦታ ያሉ ሰዎች መጥተው ቤቷን ካዩ በኋላ አስፈርመው ሰጧት። ውሻዋ ተከትባለች፣ እንዳትወልድም ተደርጋለች። ስሟ ፖሌ ነው፤ በስዋሂሊ «ቀስ» ማለት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ስጫት፣ እንግዳ አታብዢባት፣ ግቢም ቢሆን ያለ ገመድ አታውጫት፣ ራሷ እስክትቀርብሽ ጠብቂ ብለዋት ነበር።

ይህን ስታወራኝ ሳቅኩባት። «ምነው፣ ውሻዋ ጫጉላ ገባች እንዴ?» አልኳት። እሷም አብራኝ ሳቀች።

ፖሌ ሦስት ቀን ሙሉ አልጋ ሥር ተሸሸገች። ሰው እያያት አትበላም። ጌጤ ምግቧን በሰዓቱ አስቀምጣ ትወጣለች፤ ከሥራ ስትመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ሽንኩርት ትልጣለች። በሳምንቱ ፖሌ የጌጤን እጅ አሸተተች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አገጯን የጌጤ እግር ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። ጌጤ ያንኑ ማታ ደውላ ነገረችኝ።

በማግስቱ ማህበሩ የእሷ ተራ ነበር። ጸበል ጻዲቅ ባለበት ቤት ውሻ መኖሩ አሳፍሯት ፖሌን ከክፍሏ አውጥታ ጓሮ አሰረቻት። እኔ የለስላሳ ሳጥን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ፤ የግቢውን በር መለስ ማድረግ ትዝም አላለኝ። ጸሎቱ አልቆ ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ፖሌ ደንግጣ ወደ ኋላ ጎተተች፤ አንገቷን ከማሰሪያው አሾልካ በተከፈተው በር ወጣች።

«ያዟት!» ብዬ ሮጥኩ። ወንዶቹም ተከተሉኝ።

«አታባርሯት! ጌታቸው፣ በእመቤታችን ቁም!» እያለች ጌጤ ከኋላ ትጮሃለች። እኔ እንደሆንኩ ጀግና ነኝ፤ እስከ መጋዘኖቹ ድረስ አሯሯጥኳት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

የመጠለያው ሰዎች የተኛችበትን ጨርቅና ምግብ በር ላይ አስቀምጪ፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ አሏት። ከጠፋች ሁለት ወር ሆናት። የመጋዘኑ ጥበቃ አንዳንዴ ከሩቅ አያታለሁ ይላል፤ ሰው ሲቀርባት ግን ትሸሻለች።

ትናንት ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። የጨርቁን አቧራ እያራገፈች ነበር።

«ከእኔ ቀጥሎ ተራው ያንተ ነበር አይደል?» አለችኝ። «እንድንቀያየር ልለምንህ አስቤ ነበር። ያን ቀን ስለ ፖሌ ስነግርህ ስትስቅ ጊዜ ተውኩት።»

ጨርቁን አጥፋ በሩ ሥር መልሳ አስቀመጠችው።