ሁለት ቦታ የቆመችው ባለጃንጥላ

ሥራዬ ባሕር ዳር ለጋዜጣ የሚመጡ ፎቶዎች የተነካኩ እንዳይሆኑ መመርመር ነው። መንገድ ተዘግቶብኝ ከአባቴ ቀብር ቀረሁ፤ ደብረ ታቦር የገባሁት ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነበር። እህቴ የቀብሩን ፎቶ አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ከአስከሬኑ ግራና ቀኝ ለቀስተኛው ጢም ብሏል።

"አየህ፣ ሰው እንዴት እንደወጣለት!" አለችኝ።

የተረገመ ዓይኔ ግን አርፎ አይቀመጥም። ፎቶውን አውርጄ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ዘንጉ የተሰበረ ጃንጥላ የያዘች ሴት በግራ አለች፤ በቀኝም አለች፣ የነጠላዋ እጥፋት ሳይቀር ያው ነው። እግሯ ሥር ያለው ሣርም ያው ነው፤ የተጎነበሰው ሰርዶ፣ ጠጠሩ፣ ጥላው ሁሉ አልተለወጠም። ሣር ከሣር ይመሳሰላል እንጂ ቅጠል በቅጠል አንድ አይሆንም። ከግራ ተቀድቶ ቀኝ ላይ ተለጥፏል።

"በአባታችን ቀብር ትዋሻለሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

እህቴ አልተቆጣችም። ፎቶ ቤቱን ያዘዘችው ራሷ ነበረች።

"ሰውማ ሞልቶ ነበር" አለች። "ከአስከሬኑ በስተቀኝ ያለውን ቦታ ግን 'ልጁ ይደርስ ይሆናል' ብለው ላንተ ተዉት፤ ማንም አልቆመበትም። ታዲያ ባዶ ቦታህን በየቀኑ ልየው?"