ደረቱን የተላጨው ዝንጀሮ

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት መንገድ ሠሪዎቹ ከሰፈሩበት ካምፕ ውስጥ ቱርጁማን ነበርኩ። ጣልያንኛውን ያስተማሩኝ ሚሲዮኖች ናቸው። ሥራዬ የሰው ውሸት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳይፈስ ማሻገር ነበር፤ በዚያ ካምፕ ደግሞ የሚሻገር ውሸት ጠፍቶ አያውቅም።

የካምፑ አዛዥ ፎቶግራፍ ማንሳት ይወድ ነበር። ጥይት ሲተኮስ በሩን ዘግቶ ድንኳን ውስጥ የሚውል ሰው፣ ፎቶግራፍ ማንሻውን ሲይዝ ጀግና ይሆናል። አንድ ቀን ከጣርማ በር ቁልቁለት ሲወርድ፣ ሮቢት ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ ከመንገዱ ዳር የተከመረ ድንጋይ ላይ ዝንጀሮ ተቀምጦ አየና ከካሚዮኑ ሳይወርድ አነሳው። ፎቶግራፉ ታጥቦ ሲመጣ ከሥሩ በገዛ እጁ «ጭላዳ፣ በዚህ አገር ብቻ የሚገኝ አንበሳ መሳይ ዝንጀሮ» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። አዲስ አበባ ላለው አለቃው ሊልከው አስቦ ነበር።

ከመላኩ በፊት ለካምፑ የከብት ሐኪም አሳየው። ሐኪሙ በቅሎዎቹን የሚያክም፣ ዝምተኛ፣ የተማረ ጣሊያናዊ ነው። ፎቶግራፉን አገላብጦ አየና ጭላዳ አይደለም አለ። ፊቱ እንደ ውሻ ረጅም ነው፣ የአፍንጫውም ቀዳዳ ጫፉ ላይ ነው፤ የጭላዳ ፊት ግን አጠር ያለ ነው፣ ጉንጩም የጎደጎደ፣ አፍንጫውም ከጫፉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ወደ ላይ የተቀመጠ። በፎቶግራፍ ላይ ቀለም ባይኖርም፣ የዚህ የትከሻው ጠጉር አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነጥቷል፤ የጭላዳ ጠጉር ቡናማ ስለሆነ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ጅራቱም ጫፉ ላይ ትንሽ ጠጉር እንጂ የጭላዳን ያህል ወፍራም ጉንጉን የለውም። ይህ የቆላው ነጭ ዝንጀሮ ነው አለ። ፎቶግራፉ ላይ ከዝንጀሮው ኋላ ያሉትን ሁለት ትንንሾች አዛዡ ግልገሎቹ ናቸው ብሎ ነበር፤ ሐኪሙ ግን ጥቁር ፊታቸውን የከበበውን ነጭ ጠጉርና ከገላቸው የሚረዝመውን ጅራታቸውን አሳይቶ፣ እነዚህማ ጦጣዎች ናቸው፣ ከትልቁ ጋር ዝምድና የላቸውም አለው።

አዛዡ ፊቱ ቀላ። ከፈረመ በኋላ መሳሳት አይወድም።

ጣሊያኖቹ የሾሙት የቀወት ባላባት በዚያን ሰዓት ድንኳኑ በር ላይ እጅ ነስቶ ቆሞ ነበር። ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት እዚያ ካልቆመ ፀሐይ የምትወጣ አይመስለውም። አዛዡ ፎቶግራፉን አሳየውና፣ ይህ ምንድን ነው ብለህ ጠይቀው አለኝ። ጠየቅኩት። ባላባቱ ፎቶግራፉን ሳይሆን የአዛዡን ፊት አየና ቀስ ብሎ፣ «እሱ ምን አለ?» አለኝ።

«ጭላዳ ነው አለ» አልኩት።

«እንግዲያውስ ጭላዳ ነው። ልጆቹም ናቸው።»

በእርሻው ማሳ ዕድሜውን ሙሉ ዝንጀሮ ሲያባርር የኖረ ሰው ነው። ማሽላውን የሚበላውን አውሬ አያውቀውም ማለት አይቻልም። አዛዡ ተደስቶ፣ ደረቱ ግን እንደ ጭላዳ ቀይ ነው ወይ ብሎ አስጠየቀው፤ ፎቶግራፉ ላይ እንስሳው በጎኑ ስለተቀመጠ ደረቱ አይታይም። ባላባቱ እንደ ደም ነው ብሎ ማለ፤ ከነሕይወቱ ይዞ እንደሚያመጣውም ቃል ገባ። አዛዡ ደግሞ ካመጣህ ካባ እሸልምሃለሁ አለው።

ሰዎቹ ማሽላ ማሳ ውስጥ በመረብ አንድ ሽማግሌ ነጭ ዝንጀሮ ያዙ። ደረቱ ግን እንደማንኛውም ነጭ ዝንጀሮ ጠጉር ለብሷል። ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ሙሽሮችን እንሶስላ የሚያሞቁ አንዲት የይፋት ሴት ናቸው። እኔም እትዬ ነበር የምላቸው። ባላባቱ ሙሽራ አለች ብሎ አስጠራቸው፤ ሲደርሱ እጅና እግሩ ምሰሶ ላይ የታሰረ፣ አረቄ የተጋተ ዝንጀሮ ጠበቃቸው።

«ያ ረቢ፣ ይቺ ናት ሙሽራዋ?» አልኳቸው አሉኝ። አልሳቁም ግን። ባላባቱ ምላጭ ይዞ የዝንጀሮውን ደረት ሲላጭ፣ እሳቸውን ደግሞ በእንሶስላ እንዲያቀሉት አስገደዳቸው። እንስሳው በስካሩ ውስጥ ሆኖ ያቃስት ነበር አሉ። ያንን ሲነግሩኝ ጣታቸውን ያዩ ነበር።

ዝንጀሮው ካምፕ ሲገባ አዛዡ ጨፈረ። ደረቱን በጣቱ እየጠቆመ ሐኪሙን ጠራው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። የምላጩ ጭረት እንኳ አልደረቀም፤ ዕውር ካልሆነ በቀር ሁሉ ሰው ያየዋል። ቀና ብሎ፣ «አዎን፣ ተሳስቼ ኖሯል» አለ። ባላባቱ ካባውን ለበሰ፤ ዝንጀሮው በሳጥን ሆኖ ከፎቶግራፉ ቅጂ ጋር አዲስ አበባ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በስልክ ትእዛዝ መጣ፦ የበላዩ አለቃ በጣም ወደውታል፣ ጥንድ እንዲሆንላቸው አንድ ይጨመርላቸው፤ ደግሞ ደረቱ ቀለሙን እየለቀቀ ጠጉር ያበቅላል፣ ታሟል ወይ? መልስ የሚሰጠው ሐኪሙ ነበር። የአየር ለውጥ ነው አለ።

ባላባቱ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። እንሶስላው ሁለተኛ እንደማያዋጣ ገባው። እናም በሕይወቱ ለአንድ ጊዜ እውነተኛ ነገር ለመሥራት ወሰነ፦ ሰዎቹን ወደ ጣርማ በር ገደል ልኮ የምር ጭላዳ አስያዘ። ትልቅ ወንድ ነበር፤ ቡናማ ጎፈሩ ትከሻውን አልብሶት፣ ደረቱ ላይ ማንም ያልቀባው ቀይ ገላው ታየ። ከሳጥኑ ውስጥ ሆኖ በጣቶቹ ሣር እየነጨ ይበላ ነበር። እኔ እንደዚያ ያለ ግርማ አይቼ አላውቅም።

አዛዡ ፎቶግራፉን ከኪሱ አወጣ። አንዴ ፎቶግራፉን፣ አንዴ እንስሳውን አየ። ፊቱ አጭር ነው አለ። ጠጉሩ ጠቁሯል። የጅራቱ ጫፍ ወፍራም ነው። ያ የሐኪሙ ትምህርት ሁሉ ተገልብጦ ከአፉ ወጣ። ከዚያም ወደ ባላባቱ ዞሮ፣ «ይህ አጭበርባሪ ሐሰተኛ ጭላዳ አምጥቶልኛል በለው» አለኝ።

አልኩት። ባላባቱ ጨነቀው። እውነተኛው ይህ ነው እንዳይል፣ የመጀመሪያው ምን ነበር ይባላል። ሐኪሙን አየው፤ ሐኪሙ ጫማውን እያየ ነበር። ወታደሮቹ ካባውን ከትከሻው ላይ ገፈፉት፤ በእግሩም ወደ ቀወት ተመለሰ።

አዛዡ እንስሳውን ከዓይኔ አርቁልኝ ስላለ፣ ወደ ጣርማ በር ድንጋይ ሊያመጣ በሚወጣው ባዶ ካሚዮን ጫንነው። ሐኪሙም አብሮን ወጣ። መንገድ ላይ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅኩት።

«ፈርሞበታል እኮ» አለኝ። «ከፈረመ በኋላ ምን ይደረጋል?»

ይህን ያህል ዓመት የተማረው ለዚህ ነበር።

ከገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ሾፌሩና እኔ የሳጥኑን ጣውላ ነቀልን። ጭላዳው ወዲያው አልወጣም። ነፋሱን አሸተተ፣ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየን፣ ከዚያ ሳይቸኩል ወጥቶ በገደሉ ጠርዝ ወረደ። ከታች፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የመንጋው ድምፅ ተሰማ። ሾፌሩ ሞተሩን እስኪያስነሳ ድረስ ቆሜ አዳመጥኩ። ሐኪሙ ብርድ መታኝ ብሎ ከካሚዮኑ አልወረደም።